ከ4848 ወደ 12F0፦ በዴሲማል፣ በሄክሳዴሲማልና በባይነሪ መካከል ቁጥር ስለ መለወጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴና በኮምቦልቻ የመግቢያ ኮምፒውተር ትምህርት የሚከታተሉ ተማሪዎች በቁጥር ቅየራ መልመጃ ላይ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከዚህ በታች ከነመልሳቸው ቀርበዋል። የዴሲማል ቤዝ፣ ማለትም የአቆጣጠር መሠረት፣ 10፣ የሄክሳዴሲማል 16፣ የባይነሪ ደግሞ 2 ነው። መልሶቹ የተሠሩት በአንድ መልመጃ ላይ ነው። መልመጃው እንዲህ ይላል፦ «ደሴ የሚለው ስም በሁለት ፊደላት ይጻፋል። በኮምፒውተር ውስጥ የ‹ደ› ኮድ በዴሲማል 4848፣ የ‹ሴ› ኮድ ደግሞ 4660 ነው። ሁለቱንም ወደ ሄክሳዴሲማልና ወደ ባይነሪ ለውጡ፤ ከዚያም ወደ ዴሲማል መልሳችሁ አረጋግጡ። አሠራራችሁን በዝርዝር አሳዩ።»

እነዚህ ቁጥሮች ከየት መጡ? መምህሩ ዝም ብሎ የመረጣቸው ናቸው?

አይደሉም። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መመዝገቢያ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ የሆነ ቁጥር ይሰጣል፤ የኢትዮጵያ ፊደልም በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቶ በሄክሳዴሲማል፣ በአጭሩ በሄክሳ፣ ከ1200 እስከ 137F፣ በዴሲማል ደግሞ ከ4608 እስከ 4991 ያለውን ቦታ ይዟል። በዚህ መዝገብ «ደ» `U+12F0`፣ «ሴ» ደግሞ `U+1234` ተብለው ተመዝግበዋል። መዝገቡ ቁጥሩን የሚጽፈው በሄክሳ ስለሆነ መልመጃው የሚጠይቀው ቅየራ አንድ ፕሮግራመር የአማርኛ ጽሑፍ ሲበላሽበት በእርግጥ የሚሠራው ሥራ ነው።

4848 ለመልመጃ የሚመረጥበት ሌላም ምክንያት አለው። በሄክሳ ሲጻፍ በዜሮ ያልቃል፣ በውስጡም ከ9 የሚበልጥ አኃዝ ይዟል፣ በባይነሪ ሲጻፍ ደግሞ የቢቶቹ፣ ማለትም የ0ና የ1 አኃዞቹ፣ ብዛት በአራት ተካፍሎ አያልቅም። ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ስለሆነ ይህን አንድ ቁጥር በትክክል የለወጠ ሰው ሌሎቹ ብዙም አይከብዱትም።

4848ን ወደ ሄክሳ በእጄ የምለውጠው እንዴት ነው?

ቁጥሩን ለ16 ያካፍሉና ድርሻውንና ቀሪውን ለይተው ይጻፉ። ከዚያም ድርሻውን እንደገና ለ16 ያካፍሉ፤ ድርሻው ዜሮ እስኪሆን ድረስ ይቀጥሉ።

```
4848 ÷ 16 = 303   ቀሪ  0
 303 ÷ 16 =  18   ቀሪ 15  → F
  18 ÷ 16 =   1   ቀሪ  2
   1 ÷ 16 =   0   ቀሪ  1
```

ቀሪዎቹን ከታች ወደ ላይ ሲያነቧቸው 12F0 ይሆናል።

ከመልመጃ ወረቀቶች እንደሚታየው ብዙው ስሕተት የሚፈጠረው በቤዝ ቅየራው ላይ ሳይሆን በመጀመሪያው መስመር ማካፈል ላይ ነው። 48 ለ16 ሲካፈል 3 ይሆናል፤ ቀጥሎ የሚወርደው 4 ከ16 ስለሚያንስ በድርሻው ላይ 0 መጻፍ አለበት፤ ከዚያም 8 ወርዶ 48 ሲሆን እንደገና 3 ይጻፋል። መካከል ላይ ያለውን 0 የዘለለ ተማሪ 303 በማለት ፈንታ 33 ይጽፍና ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በጥንቃቄ ቢሠራም መልሱ ይበላሽበታል። ስለዚህ እያንዳንዱን መስመር ከማለፍዎ በፊት ድርሻውን በ16 አባዝተው ቀሪውን ይደምሩ። 33 በ16 ሲባዛ 528 ብቻ ስለሚሆን ስሕተቱ ወዲያውኑ ይያዛል።

ቀሪዎቹ ከታች ወደ ላይ የሚነበቡት ለምንድን ነው? ደንብ ስለሆነ ብቻ ነው?

ደንብ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን የተረዳ ሰው ደግሞ አቅጣጫውን በቃሉ ማጥናት አያስፈልገውም። 4848ን ለ16 ስናካፍል የምንጠይቀው «በዚህ ቁጥር ውስጥ ስንት አሥራ ስድስቶች አሉ? ከእነርሱ ውጪስ ምን ይተርፋል?» ብለን ነው። የተረፈው ወደ አሥራ ስድስት ያልሞላው ነው፤ ይህም የአንዶች ቤት ነው። የአንዶች ቤት ደግሞ በየትኛውም ቤዝ በስተቀኝ መጨረሻ ላይ የሚጻፍ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያ የተገኘው ቀሪ በስተቀኝ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው ማካፈል 303ቱን አሥራ ስድስቶች ወደ 256ቶች ሲሰበስባቸው የሚተርፈው 15 ከአሥራ ስድስቶች ቤት ይገባል፤ ቀጣዮቹም በዚሁ ሥርዓት ወደ ግራ እየተሰለፉ ይሄዳሉ።

ከላይ ወደ ታች ያነበበ ተማሪ የሚያገኘው 0F21 ነው፤ ይህም በዴሲማል 3873 ነው። ሄክሳው በዜሮ መጀመሩ ራሱ ሊያስጠረጥረው ይገባ ነበር፤ የመጨረሻው ቀሪ፣ ማለትም በግራ መጀመሪያ ላይ የሚቀመጠው አኃዝ፣ ከዜሮ ለሚበልጥ ቁጥር በፍጹም ዜሮ ሊሆን አይችልምና።

15ን በቀጥታ «15» ብዬ ብጽፈው ምን ችግር አለው?

በሄክሳ እያንዳንዱ ቦታ አንድ አኃዝ ብቻ ስለሚይዝ ከ10 እስከ 15 ላሉት ዋጋዎች A፣ B፣ C፣ D፣ E እና F ተመድበዋል። ቀሪው 15ን እንዳለ የጻፈ ተማሪ 12150 የሚል ውጤት ያገኛል። ይህ ደግሞ ባለ አምስት አኃዝ የሄክሳ ቁጥር ሆኖ ይነበባል፤ በዴሲማልም 74064 ነው። አንድ ቦታ ላይ ሁለት አኃዝ በመጻፉ በግራው ያሉት ሁሉ አንድ ቤት ተገፍተዋል።

የመጨረሻውን ዜሮ «ዋጋ የለውም» ብሎ የሚተውም አለ። እርሱ ደግሞ 12F ያገኛል፤ ይህም 303 ነው፤ ማለትም የመጀመሪያው ማካፈል ድርሻ። በዴሲማል 4850 ላይ ያለውን ዜሮ ብናጠፋ ቁጥሩ በአሥር እጅ እንደሚያንሰው ሁሉ በሄክሳም አንድ ዜሮ ከቀኝ ሲጠፋ ቁጥሩ በአሥራ ስድስት እጅ ያንሳል።

ወደ ባይነሪ ለመለወጥ ለ2 እያካፈልኩ እስከ መጨረሻው መሄድ አለብኝ?

መልመጃው ሁለቱንም ከጠየቀ አያስፈልግም፤ ሆኖም አንድ ጊዜ ሙሉውን መሥራት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም ሄክሳና ባይነሪ ምን ዓይነት ዝምድና እንዳላቸው የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

```
4848 → 2424  ቀሪ 0
2424 → 1212  ቀሪ 0
1212 →  606  ቀሪ 0
 606 →  303  ቀሪ 0
 303 →  151  ቀሪ 1
 151 →   75  ቀሪ 1
  75 →   37  ቀሪ 1
  37 →   18  ቀሪ 1
  18 →    9  ቀሪ 0
   9 →    4  ቀሪ 1
   4 →    2  ቀሪ 0
   2 →    1  ቀሪ 0
   1 →    0  ቀሪ 1
```

ከታች ወደ ላይ ሲነበብ 1001011110000 ይሆናል፤ አሥራ ሦስት ቢት ነው። አሁን የድርሻዎቹን ዓምድ ልብ ብለው ይመልከቱ። ከአራተኛው መስመር በኋላ 303፣ ከስምንተኛው በኋላ 18፣ ከአሥራ ሁለተኛው በኋላ ደግሞ 1 ላይ ደርሰናል። እነዚህ ቀደም ሲል ለ16 ስናካፍል ያገኘናቸው ድርሻዎች ናቸው። አራት ጊዜ ለሁለት ማካፈል አንድ ጊዜ ለ16 ማካፈል ስለሆነ በየአራቱ መስመር አንድ የሄክሳ አኃዝ ይጠናቀቃል። የመጀመሪያዎቹ አራት ቀሪዎች 0000 ናቸው፤ ይህም ሄክሳው 0 ነው። የሚቀጥሉት አራት 1111 ናቸው፤ ይህም F ነው። ከዚያ ያሉት አራት ከታች ወደ ላይ ሲነበቡ 0010 ናቸው፤ ይህም 2 ነው። የመጨረሻው ብቸኛ 1 ራሱ 1 ነው።

ከዚህ የተነሣ በፈተና ላይ የሚሻለው መንገድ መጀመሪያ ወደ ሄክሳ ሄዶ፣ ከዚያ እያንዳንዱን አኃዝ በአራት ቢት መተርጎም ነው። አራት ማካፈል አሥራ ሦስት ከማካፈል ይቀላል፤ የመሳሳቻውም ቦታ በዚያው ልክ ይቀንሳል። መምህሩ «ለ2 እያካፈላችሁ አሳዩ» ብሎ ከወሰነ ግን የታዘዘውን መሥራትና በሄክሳው መንገድ ማረጋገጥ ይገባል።

ሄክሳውን ወደ ባይነሪ ስለውጥ ለምን አጭር ቁጥር ወጣልኝ?

ይህ ጥያቄ የሚነሣው እያንዳንዱን አኃዝ በአራት ቢት ሳይሞሉ በሚጽፉበት ጊዜ ነው። 1 በባይነሪ 1፣ 2 ደግሞ 10፣ F ደግሞ 1111፣ 0 ደግሞ 0 ነው ብለው ሲያገጣጥሟቸው 11011110 ይወጣል፤ ይህ ግን 222 ነው። አኃዞቹ ለየብቻቸው ልክ ናቸው፤ የጠፋው ቦታቸው ነው። ትክክለኛው 0001 0010 1111 0000 ነው። በግራ መጀመሪያ ላይ ያሉት ሦስት ዜሮዎች ቁጥሩ ብቻውን ሲጻፍ ቢቀሩ ምንም አይጎድልም፤ በመካከልና በቀኝ ያሉት ግን አንዳቸውም ሊቀሩ አይችሉም።

ከባይነሪ ወደ ሄክሳ ስንመለስም የምንጠነቀቀው በዚሁ ቦታ ነው። አሥራ ሦስቱን ቢቶች በአራት በአራት መክፈል የሚጀመረው ከቀኝ ነው፤ የአንዶች ቤት የሚገኘው በዚያ ነውና። ከቀኝ ስንጀምር 1 | 0010 | 1111 | 0000 ይሆናል፤ ብቻውን የቀረው 1 በግራው ሦስት ዜሮ ተጨምሮለት 0001 ይባላል። ከግራ የጀመረ ግን 1001 | 0111 | 1000 | 0 ይልና 9780 ያገኛል፤ ይህም በዴሲማል 38784 ነው። የቢቶቹ ብዛት በአራት ተካፍሎ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ከግራም ሆነ ከቀኝ መጀመሩ ለውጥ ስለማያመጣ ተማሪው በተሳሳተ ልማድ ብዙ ጥያቄዎችን በትክክል እየመለሰ ሊቆይ ይችላል። በክፍል ውስጥ ስምንት ቢት ባላቸው ቁጥሮች ብቻ የተለማመደ ሰው 4848 ላይ ሲደርስ የሚደናገረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከባይነሪ ወደ ዴሲማል ስመለስ የ2ን ርቢዎች እስከ 4096 ማስታወስ ግድ ነው?

ግድ አይደለም። በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደው መንገድ 1 ያለባቸውን ቦታዎች ዋጋ መደመር ነው፤ ለዚህ ቁጥር 4096 + 512 + 128 + 64 + 32 + 16 ይሆናል፤ ድምሩም 4848 ነው። ነገር ግን ርቢዎቹን በየቦታቸው ሲደረድሩ አንድ ቦታ ከተዛነፈ ሁሉም ይዛነፋል። ሌላው መንገድ ከግራ ተነሥቶ በእጅ ያለውን ቁጥር በእጥፍ እያሳደጉ ቀጣዩን ቢት መጨመር ነው። ለ1001011110000 ሲሠራ እንዲህ ይሆናል፦

```
1 → 2 → 4 → 9 → 18 → 37 → 75 → 151
  → 303 → 606 → 1212 → 2424 → 4848
```

በ1 እንጀምራለን። ቀጣዩ ቢት 0 ስለሆነ እጥፉ 2 ነው፤ ቀጣዩም 0 ስለሆነ 4 ይሆናል፤ ከዚያ 1 ስለመጣ የ4 እጥፍ 8 ላይ አንድ ጨምረን 9 እንላለን፤ እንዲሁ እየቀጠልን እንሄዳለን። ውጤቶቹን ለ2 ስናካፍል ካገኘነው ዓምድ ጋር ያስተያዩአቸው፤ እነዚያው ቁጥሮች ናቸው፤ የተለወጠው ቅደም ተከተላቸው ብቻ ነው። ከደሴ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ያለፈባቸውን ቦታዎች ሲመለስ ከኋላ ወደ ፊት እንደሚያገኛቸው፣ ማካፈልና ማጠፍም አንዱን መንገድ በሁለት አቅጣጫ የሚሄዱ ናቸው። ስለዚህ ሲመለሱ ባልነበረ ቁጥር ላይ ከደረሱ ስሕተቱ ያለው እዚያው መስመር ላይ ነው፤ ሙሉውን ሥራ እንደገና መጀመር አያስፈልግም።

ለሄክሳም የሚሠራው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በእጥፍ ፈንታ በ16 ማባዛታችን ብቻ ነው፦ 1፤ ከዚያ 1 × 16 + 2 = 18፤ ከዚያ 18 × 16 + 15 = 303፤ ከዚያ 303 × 16 + 0 = 4848።

የ«ሴ» ኮድ በሄክሳ 1234 ሆነብኝ፤ ሳልለውጠው የቀረሁ መስሎኝ ተጠራጠርኩ። ልክ ነው?

ልክ ነው። 4660 ለ16 ሲካፈል 291 ደርሶ 4 ይተርፋል፤ 291 ሲካፈል 18 ደርሶ 3 ይተርፋል፤ ከዚያ 2፣ ከዚያ 1 ይመጣል። ውጤቱ 1234 ነው፤ በባይነሪም 0001 0010 0011 0100 ነው። በአጋጣሚ ከA እስከ F ያሉት ፊደላት ስላልገቡበት የዴሲማል ቁጥር ይመስላል። በዴሲማል 1234 የሚባለው ቁጥር ግን በሄክሳ 4D2 ነው፤ ሁለቱ ምንም አይገናኙም።

በዚህ ምክንያት ቤዙን ሳይጠቅሱ ቁጥር መጻፍ በመልመጃ ወረቀት ላይ ነጥብ ያስቀንሳል፤ ደግሞም ተገቢ ነው። በፕሮግራም ውስጥ ሄክሳ በ`0x`፣ ባይነሪ በ`0b` ስለሚጀምር `0x1234` እና `1234` አይምታቱም። በወረቀት ላይ ደግሞ ከቁጥሩ ግርጌ በትንሹ 16፣ 10 ወይም 2 መጻፍ ይበቃል።

ካልኩሌተር በማይፈቀድበት ፈተና መልሴ መሳሳቱን በምን ልወቅ?

መልሱን ወደ ኋላ ለውጦ ማየት ዋነኛው ነው፤ ነገር ግን ጊዜ ሲያጥር ሦስት ፈጣን ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያው ርዝመቱ ነው። የ16 ሦስተኛ ርቢ 4096፣ አራተኛው ደግሞ 65536 ስለሆነ በመካከላቸው ያለ ማንኛውም ቁጥር በሄክሳ አራት አኃዝ ብቻ ይኖረዋል፤ ስለዚህ 4848ን ለውጦ ባለ ሦስት ወይም ባለ አምስት አኃዝ ያገኘ ሰው ተሳስቷል። ከ4096 እስከ 8191 ያለው ቁጥር ደግሞ በባይነሪ አሥራ ሦስት ቢት ነው።

ሁለተኛው የመጨረሻው ቢት ነው፤ ተጋማሽ ቁጥር በ0፣ ጎዶሎ ቁጥር በ1 ያልቃል። ሦስተኛው በቀኝ በኩል ያሉት ዜሮዎች ናቸው፤ 4848 ለ16 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ባይነሪው ቢያንስ በአራት ዜሮ ማለቅ አለበት። እነዚህ ምልክቶች ትክክል መሆንዎን አያረጋግጡም፤ ስሕተትን ግን ያጋልጣሉ። ለምሳሌ ቀደም ሲል ያየናቸው 12F፣ 12150 እና 11011110 የሚሉት የተሳሳቱ መልሶች ሁሉም በርዝመታቸው ብቻ ይጣላሉ። 9780 ግን ርዝመቱም መጨረሻውም ልክ ስለሚመስል እርሱን የሚይዘው የመጀመሪያ አኃዙ ነው፤ ቁጥሩ በ9 ከጀመረ ከ9 × 4096 በታች ሊሆን ስለማይችል ከ36 ሺህ በላይ ነው ማለት ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ ሲሆኑ ደግሞ የዊንዶውስ ካልኩሌተር ፕሮግራመር በሚለው ገጽታው `HEX`፣ `DEC` እና `BIN`ን አንድ ላይ ያሳያል። ፓይተን ካለም እንዲህ ይጠየቃል፦

```
>>> ord("ደ")
4848
>>> hex(4848)
'0x12f0'
>>> bin(4848)
'0b1001011110000'
```

ፓይተን የሄክሳ ፊደላትን በትንንሾቹ የላቲን ፊደላት መጻፉ ለውጥ የለውም፤ f እና F አንድ ናቸው።

ቁጥሩን ወደ ባይነሪ መለወጡ ስለ ፊደሉ የሚነግረን ነገር አለ?

አለ፤ በእኔ እምነት የዚህ መልመጃ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ በዴሲማል ግን በፍጹም አይታይም። 4848 እና 4660 የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች የሚያይ ሰው ስለ ፊደላቱ ምንም አያውቅም። በሄክሳና በባይነሪ ሲጻፉ ግን የፊደል ገበታው ሥርዓት ብቅ ይላል።

ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ቦታ መድቧል። ሰባቱ ለሰባቱ ድምፆች ሲሆኑ ስምንተኛው አብዛኛውን ጊዜ እንደ «ሷ» ላለ ዲቃላ ነው፤ ዲቃላ የሌለው ቤት ቦታውን ባዶ ይተወዋል። ስምንት የ2 ሦስተኛ ርቢ ስለሆነ የባይነሪው የመጨረሻ ሦስት ቢቶች ፊደሉ በቤቱ ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ ይናገራሉ፤ የቀሩት በግራ ያሉት ቢቶች ደግሞ ቤቱን ይለያሉ። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር ግዕዝ 000፣ ካዕብ 001፣ ሣልስ 010፣ ራብዕ 011፣ ኃምስ 100፣ ሳድስ 101፣ ሳብዕ 110 ነው።

«ደ» በ000 ያልቃል፤ ግዕዝ ነውና። «ሴ» በ100 ያልቃል፤ ኃምስ ነው። ሦስቱን ቢቶች ወደ 000 ብንመልሳቸው 1230 ይሆናል፤ እርሱም «ሰ» ነው። አሁን ኮምቦልቻን እንሞክር። የስሙ ፊደላት በሄክሳ 12AE፣ 121D፣ 1266፣ 120D እና 127B ናቸው። የመጀመሪያው በE ያልቃል፤ E ማለት 1110 ነው፤ የመጨረሻ ሦስቱ 110 ናቸው፤ ስለዚህ ሳብዕ ነው፤ «ኮ»። 1266 ደግሞ በ6 ያልቃል፤ 6 ማለት 0110 ስለሆነ እርሱም ሳብዕ ነው፤ «ቦ»። ሁለቱ በሄክሳ በተለያየ አኃዝ ቢያልቁም በሦስቱ ቢቶች አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ የ«በ» ቤት ከ1260፣ የ«ከ» ቤት ደግሞ ከ12A8 መጀመሩ ነው። የመጨረሻው የሄክሳ አኃዝ ከ0 እስከ F ሲቆጠር ሁለት ቤቶች ስለሚገቡበት ይህ አኃዝ ከ8 በታች ከሆነ በመጀመሪያው ቤት፣ 8ና ከዚያ በላይ ከሆነ በሁለተኛው ቤት ውስጥ ነን። በD የሚያልቁት ሁለቱ፣ «ም» እና «ል»፣ በ101 ስለሚያልቁ ሁለቱም ሳድስ ናቸው፤ በB የሚያልቀው «ቻ» ደግሞ 1011 ስለሆነ በ011 ራብዕ ነው።

ሥርዓቱ ገደብ አለው። ሥርዓተ ነጥቦቹና የግዕዝ ቁጥሮቹ በዚሁ ክልል መጨረሻ ላይ የሰፈሩ ቢሆኑም በድምፅ አይከፋፈሉም፤ ከ«ፐ» ቤት ቀጥለው የሚመጡት ፘ፣ ፙ እና ፚ ደግሞ ከሦስት የተለያዩ ቤቶች የመጡ ሆነው ተከታትለው ተቀምጠዋል። ለመደበኛዎቹ ቤቶች ግን ሦስቱ ቢቶች አያሳስቱም።

በኮምፒውተር ላይ «ደ» ብዬ ጽፌ ፋይሉን በሄክሳ ስከፍተው 12 F0 ሳይሆን E1 8B B0 አገኘሁ። ቅየራዬ የት ላይ ተሳሳተ?

ቅየራዎ አልተሳሳተም። 12F0 የፊደሉ ኮድ ነው፤ ፋይል ላይ ሲቀመጥ ግን ይህ ኮድ አብዛኛውን ጊዜ በ`UTF-8` ሥርዓት ወደ ባይቶች፣ ማለትም ስምንት ስምንት ቢት ወዳላቸው ክፍሎች፣ ይከፋፈላል፤ አከፋፈሉም የሚከናወነው በባይነሪ ነው። ባለ አሥራ ስድስት ቢቱን ጽሑፍ ከግራ በአራት፣ በስድስትና በስድስት ይክፈሉት፤ ለመጀመሪያው ክፍል በፊቱ 1110፣ ለሁለቱ ቀሪዎች ደግሞ በፊታቸው 10 ይጨምሩላቸው።

```
    0001    001011    110000
1110 0001  10 001011  10 110000
   E1         8B         B0
```

11100001 በአራት በአራት ሲከፈል E እና 1፣ 10001011 ደግሞ 8 እና B፣ 10110000 ደግሞ B እና 0 ነው። እዚህ ላይ ክፍፍሉ ከግራ መጀመሩ ከላይ የተናገርነውን አይቃረንም፤ በግራ ያሉት ሦስት ዜሮዎች ተሞልተው ቢቶቹ አሥራ ስድስት ከሆኑ በኋላ የሚደረግ ክፍፍል ነውና። ዜሮዎቹን ሳይሞላ በአሥራ ሦስቱ ቢት የጀመረ ሰው ግን ፈጽሞ ሌላ ባይት ያገኛል።

በዚህ መንገድ «ሴ» E1 88 B4 ይሆናል፤ ደሴ የሚለው ስም ብቻውን በፋይል ላይ ስድስት ባይት ይይዛል። ከ1200 እስከ 137F ያሉት ኮዶች ሁሉ በ0001 ስለሚጀምሩ በዚህ ክልል ያለ የኢትዮጵያ ፊደል ሁሉ የመጀመሪያ ባይቱ E1 ነው፤ ሁለተኛውም ከ88 እስከ 8D ባለው ውስጥ ይወድቃል። አንድ ፕሮግራም ፋይሉን `UTF-8` መሆኑን ሳያውቅ በድሮው የዊንዶውስ የላቲን ኮድ ገጽ ሲከፍተው እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ያነበዋል፤ በዚያ ሰንጠረዥ E1 ማለት `á` ስለሆነ «ደ» በስክሪን ላይ `á‹°` ሆኖ ይታያል። በየቦታው `á` የተደጋገመበት የተበላሸ ጽሑፍ ያጋጠመው ሰው እንግዲህ ፋይሉ ይዘቱ እንዳልጠፋ፣ የተነበበበት ሥርዓት ብቻ እንደተሳሳተ ሊያውቅ ይችላል፤ ሦስቱን ምልክቶች ወደ ባይት፣ ባይቶቹን ወደ ባይነሪ መልሶ የተጨመሩትን 1110፣ 10 እና 10 ቢያነሣ 12F0 ላይ ይደርሳል።